የሕይወት ቆይታ ግራፍ አነባበብ

የሕይወት ቆይታ ግራፍ በአንድ የሕክምና ጥናት ውስጥ ከተካተቱ ሰዎች መካከል፣ ክትትል ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ጊዜው ሲገፋ ስንት በመቶው በሕይወት እንደሚገኝ የሚያሳይ፣ እንደ ደረጃ እየወረደ የሚሄድ መስመር ነው። በጥናት ወረቀቶች ላይ ሰርቫይቫል ከርቭ፣ ወይም ስሌቱን ባወጡት ሁለት ሰዎች ስም የካፕላን-ማየር ግራፍ ይባላል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታየው ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ካንሰርና ስለ አራስ ሕፃናት በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ ነው።

ስሌቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1958 በኤድዋርድ ካፕላንና በፖል ማየር የጋራ ጽሑፍ ነው። ማየር ያሳሰበው የካንሰር ታካሚዎች ጉዳይ ነበር። ካፕላን ግን ይሠራ የነበረው በቤል ላብራቶሪዎች ሲሆን፣ ጥያቄው በባሕር ሥር በተዘረጋ የስልክ ገመድ ውስጥ ያሉ የቫኪዩም ቱቦዎች ስንት ጊዜ ያገለግላሉ የሚል ነበር። ሁለቱም የገጠማቸው ችግር አንድ ነው። ውጤቱ በሚሰላበት ቀን አንዳንዱ ታካሚ ገና በሕይወት አለ፣ አንዳንዱም ቱቦ ገና አልተቃጠለም። ስለዚህ የእነዚህ ሙሉ የቆይታ ጊዜ አይታወቅም። ግራፉ የተሠራው ይህን ያልተሟላ መረጃ ሳይጥሉ ለመጠቀም ነው፤ ሲያነቡትም በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ይኸው ነው።

## ሁለቱ መስመሮች ምን ይለካሉ

ከታች ያለው አግድም መስመር ጊዜን ይለካል። ዜሮው ግን የቀን መቁጠሪያ ቀን ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው ወደ ጥናቱ የገባበት ቀን ነው። በመስከረም መድኃኒት የጀመረችና በግንቦት የጀመረ ሰው ሁለቱም ከዜሮ ይነሳሉ። በዚህ ምክንያት ጥናቱ በአንድ ቀን ሲዘጋ የአንዷ ክትትል ረጅም፣ የሌላው አጭር ሆኖ ይገኛል። በኢትዮጵያ ሌላም የሚያጠራጥር ነገር አለ። የታካሚ ካርድ ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላል፣ ኮምፒውተሩ ግን የአውሮፓውን ይጠብቃል። ሁለቱ ሳይቀየሩ ከተቀላቀሉ የአንዳንዱ ሰው ክትትል ከዜሮ በታች ወይም ሰባትና ስምንት ዓመት የረዘመ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ወራት ብቻ በፈጀ ጥናት ግራፉ ዓመታት ካሳየ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

በግራ በኩል ያለው ቋሚ መስመር በሕይወት የመቆየት ዕድልን ከ1 ወይም ከ100% ጀምሮ ያሳያል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማየት ያሻል። አንደኛው መስመሩ እስከ 0 ድረስ መውረድ አለመውረዱ ነው። ከ0.7 በላይ ያለው ክፍል ብቻ ከተሣለ ትንሽ ልዩነት ገደል ይመስላል። ሁለተኛው የሚቆጠረው ክስተት ምንነት ነው። ክስተቱ ሁልጊዜ ሞት አይደለም። በኢትዮጵያ ጥናቶች ላይ የታካሚው ከክትትል መጥፋት ራሱ እንደ ክስተት የሚቆጠርባቸው ግራፎች ጥቂት አይደሉም፤ ቅርጻቸው ከሞት ግራፍ ጋር አንድ ስለሆነ በእነሱ ላይ የወረደን መስመር ሞት ብሎ ማንበብ ቀላል ስሕተት ነው።

## አሥር ሰዎች በቡሹሎ

ግራፉ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ ምናባዊ ምሳሌ እንውሰድ። ቡሹሎ በሐዋሳ ከተማ፣ በሐይቁ አካባቢ የሚገኝ ሠፈር ሲሆን የሚታወቀው በጤና ጣቢያው ነው። በእንዲህ ያለ ጤና ጣቢያ አሥር ሰዎች የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጀመሩ፣ ለ12 ወራትም ክትትል ተደረገላቸው እንበል። ሰዎቹና ቁጥሮቹ ለትምህርት የተፈጠሩ ናቸው።

በመጀመሪያው ወር አንድ ሰው ሞተ። ከአሥሩ ዘጠኙ ስለቀሩ መስመሩ ከ100% ወደ 90% ወረደ። በሁለተኛው ወር ሌላ ሰው ሞተ፤ በክትትል ላይ ከነበሩት ዘጠኝ ስምንቱ ቀሩ። ስለዚህ 90% በ8/9 ይባዛል፣ መስመሩም 80% ላይ ያርፋል። እስከዚህ ድረስ ስሌቱ ከተራ መቶኛ አይለይም።

በሦስተኛው ወር አንዲት ታካሚ ሥራ አግኝታ ወደ ሻሸመኔ ሄደች፣ ካርዷም ተዛወረ። እስከ ሦስተኛው ወር በሕይወት መኖሯ የታወቀ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ግን አይታወቅም። መስመሩ በእሷ ምክንያት አይወርድም፤ እዚያው 80% ላይ ትንሽ ቋሚ ጭረት ይደረግበታል። የሚለወጠው ከዚህ በኋላ የሚካፈልበት ቁጥር ነው። በክትትል ላይ የቀሩት ሰባት ብቻ ናቸው። በአራተኛው ወር አንድ ሰው ሲሞት 80% በ6/7 ይባዛል፣ ውጤቱም 68.6% ይሆናል።

በስድስተኛው ወር አንድ ሰው በቀጠሮው ቀን ሳይመጣ ቀረ፣ ከዚያም አልተገኘም፤ ሌላ ጭረት። በስምንተኛው ወር የሌላ ሰው ክትትል አበቃ። ይህ ሰው ዘግይቶ የገባ በመሆኑ ጥናቱ ሲዘጋ ገና ስምንት ወር ነበረው፤ ሦስተኛ ጭረት። በዘጠነኛው ወር ከቀሩት አራት ሰዎች አንዱ ሞተ። 68.6% በ3/4 ሲባዛ 51.4% ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች 12ኛውን ወር በሕይወት ጨረሱ። ጥናቱ ስለ 12ኛው ወር የሚናገረው 51% የሚል ይሆናል።

ስሌቱ ባጭሩ ይህ ነው፤ d በዚያ ወቅት የሞቱት፣ n ደግሞ እስከዚያች ቅጽበት በክትትል ላይ የነበሩት ቁጥር ነው።

```
S(t) = ∏ (1 − d/n)
```

ይህንኑ በፓይተን ለመሞከር የሚከተለው በቂ ነው። በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር ወሩ ነው፤ ሁለተኛው 1 ከሆነ ሞት፣ 0 ከሆነ የተቋረጠ ክትትል ነው።

```python
n = 10
S = 1.0
for t, died in [(1,1),(2,1),(3,0),(4,1),(6,0),(8,0),(9,1)]:
    if died:
        S = S * (n - 1) / n
    n = n - 1
    print(t, round(S, 3))
```

ቀለል ያለ መንገድ ለምን አይበቃም? ከአሥሩ የሞቱት አራት ስለሆኑ 60% ተረፉ ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ይህ አባባል ያልታወቁትን ሦስት ሰዎች እስከ 12ኛው ወር በሕይወት እንዳሉ ይቆጥራል። ሦስቱን ከናካቴው አውጥቶ ከሰባቱ ሦስቱ ተረፉ ቢባል ደግሞ 43% ይሆናል፤ ይህም ሰዎቹ በሕይወት መቆየታቸው የታወቀባቸውን ወራት መጣል ነው። 51% በሁለቱ መካከል የወጣው እያንዳንዱን ሰው እስከታወቀበት ቀን ድረስ ብቻ ስለሚቆጥር ነው።

## ጭረቶቹ ምን ይላሉ

በመስመሩ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ቋሚ ጭረቶች ወይም የመደመር ምልክቶች በእንግሊዝኛው አጠራር ሴንሰሪንግ የሚባለውን ያመለክታሉ። ትርጉሙ የሰውዬው ክትትል ክስተቱ ሳይደርስበት እዚያ ላይ ተቋረጠ ማለት ነው። ጭረት የሞት ምልክት አይደለም፤ ሞት የሚታየው መስመሩ ሲወርድ ነው። ጭረት የመዳን ማረጋገጫም አይደለም።

በቡሹሎው ምሳሌ ሦስቱ ጭረቶች በግራፉ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፣ የመጡት ግን ከሦስት የተለያዩ ነገሮች ነው። ጥናቱ ስለተዘጋ የተቋረጠው ሰው ችግር አይፈጥርም። የተቋረጠው በቀን መቁጠሪያ እንጂ በጤናው ሁኔታ አይደለም። ወደ ሻሸመኔ የተዛወረችውም ብዙ አታሳስብም፤ ከተማ ቀይሮ ሥራ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፣ ምናልባትም ከቀሩት የተሻለ። አሳሳቢው በስድስተኛው ወር የጠፋው ሰው ነው። በቀጠሮው ያልመጣው በአንድ ከተማ ውስጥ ወደ አዳሬ ሆስፒታል ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ታሞ አልጋ ላይ ውሎ ወይም ቤቱ ሞቶም ሊሆን ይችላል። የጤና ጣቢያው መዝገብ ይህን ለይቶ ባላወቀበት ጊዜ «ሎስት» ወይም «ድሮፕ» ብሎ ያልፈዋል፣ ኮምፒውተሩም ከተዛወረችው ሴት ጋር እኩል 0 ይሰጠዋል።

የካፕላንና የማየር ስሌት ትክክል የሚሆነው በአንድ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው። ይኸውም ከክትትል የወጡት ሰዎች ከዚያ በኋላ ያላቸው ዕጣ በክትትል ላይ ከቀሩት ጋር ተመሳሳይ ነው የሚል ነው። ግምቱን ከግራፉ ላይ አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም። መሞከር ግን ይቻላል። በስድስተኛው ወር የጠፋው ሰው በዚያው ወር ሞቶ ነበር እንበል። ከላይ ባለው ኮድ ውስጥ `(6,0)` የሚለው ወደ `(6,1)` ሲቀየር የመጨረሻው ቁጥር ከ51.4% ወደ 42.9% ይወርዳል። መስመሩም 50%ን ስለሚያቋርጥ ቀደም ሲል «አልተደረሰበትም» ይባል የነበረው ሚዲያን፣ ማለትም ግማሹ ሰው የሞተበት ጊዜ፣ 9 ወር ሆኖ ይጻፋል። አንድ ጭረት ይህን ያህል ይለውጣል። በእርግጥ ይህ የሆነው ሰዎቹ አሥር ብቻ ስለሆኑ ነው፤ ነገር ግን በትልልቅ ጥናቶችም በመስመሩ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጡም።

የጭረቶቹ አቀማመጥም ይነበባል። ጭረቶቹ ወደ ቀኝ ጫፍ ተሰብስበው ከታዩ አብዛኞቹ ሰዎች ጥናቱ ስለተዘጋ የተቋረጡ ናቸው ማለት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ መስመሩ በቁልቁለት በሚወርድበት ቦታ ላይ ጭረቶች ከበዙ ግን ሰዎች የሚጠፉት በሚሞቱበት ወቅት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ግራፍ እውነተኛውን ሞት አሳንሶ የማሳየት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

## ከግራፉ ሥር ያሉት ቁጥሮች

በደህና የተዘጋጀ ግራፍ ከአግድሙ መስመር በታች በየወሩ ወይም በየዓመቱ ስንት ሰው በክትትል ላይ እንዳለ ያሳያል። ብዙ አንባቢ ይህን መስመር ያልፈዋል። ነገር ግን በምሳሌያችን የመጀመሪያው ሞት መስመሩን በ10 ነጥብ ብቻ ሲያወርደው፣ በዘጠነኛው ወር የደረሰው ያው አንድ ሞት ከ17 ነጥብ በላይ አውርዶታል። ሞቱ አልከበደም፤ የቀሩት ሰዎች አራት ብቻ ስለሆኑ ነው። ስለዚህ በግራፉ ቀኝ ጫፍ የሚታይ ትልቅ ደረጃ በሽታው በድንገት እንደከፋ አያሳይም። በዚያው ምክንያት ረጅም ጠፍጣፋ ጫፍም ሰዎቹ ከአደጋ ወጥተዋል ማለት አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ቀርተው ከሆነ መስመሩ ጠፍጣፋ የሆነው የሚሞት ሰው ስለጠፋ ሳይሆን የሚታይ ሰው ስላለቀ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሮቹ ከሥር ካልተሰጡ ጭረቶቹን መቁጠር ይረዳል፤ ጭረቶቹም ከሌሉ የመጨረሻውን ሩብ ሳያምኑ ማንበብ ይሻላል።

## በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት፦ የአርባ ምንጭ ጥናት

ሁለት ቡድኖች በአንድ ግራፍ ላይ ሲሣሉ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቱ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲለካ በአንድ ወቅት ላይ ከመቶ ሰው ስንት ተጨማሪ ሰው እንደተረፈ ይናገራል። ወደ ጎን ሲለካ ደግሞ አንዱ ቡድን ሌላው የደረሰበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ስንት ጊዜ እንደዘገየ ያሳያል። በሽተኛ ሐኪሙን የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ወረቀቶች የሚጽፉት ግን ከሁለቱ ውጭ የሆነ ሌላ ቁጥር ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከሐዋሳ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በአርባ ምንጭ ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የደጉ ጀረነና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነበር። ተመራማሪዎቹ በሆስፒታሉ መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ክትትል የነበራቸውን ሰዎች መድኃኒቱን ከጀመሩት ጋር አነጻጸሩ። ያለ መድኃኒት በነበረው ቡድን የሞት ፍጥነቱ በ100 የሰው-ዓመት 58.1፣ መድኃኒት በወሰደው ቡድን ደግሞ 15.4 ነበር። የሰው-ዓመት ማለት የሁሉም ሰዎች የክትትል ጊዜ ሲደመር ነው፤ ለግማሽ ዓመት የታዩ ሁለት ሰዎች አንድ የሰው-ዓመት ይሆናሉ።

58.1 ማለት በዓመት ውስጥ ከመቶ ሰው 58ቱ ይሞታሉ ማለት አይደለም። ሰዎች በሞቱ ቁጥር ለሞት የተጋለጠው ሕዝብ ስለሚያንስ፣ ፍጥነቱ ዓመቱን ሙሉ ባይለዋወጥ በ12ኛው ወር መስመሩ የሚያርፈው 56% አካባቢ ነው። የመድኃኒቱ ቡድን መስመር በተመሳሳይ ስሌት 86% አካባቢ ይሆናል። ቀጥታ ሲለካ ክፍተቱ 30 ነጥብ ነው፤ ከመቶ ሰው ሠላሳ።

ጥናቱ እንደ ዋና ውጤት የሰጠው ግን ሃዛርድ ሬሾ የሚባለውን ቁጥር ነው፤ 0.35። ይህ በማንኛውም ወቅት ላይ ገና በሕይወት ካሉት መካከል የአንዱ ቡድን የሞት ፍጥነት ለሌላው ቡድን ሲካፈል የሚገኝ ነው። 0.35 ማለት 35% ሞቱ ወይም 65% ተረፉ ማለት አይደለም፤ የሞት ፍጥነቱ በ65% ቀነሰ ማለት ነው። በቅርብ ላየው ሰው አንድ ነገር ያስገርማል። 15.4 ለ58.1 ሲካፈል የሚገኘው 0.27 ገደማ ነው እንጂ 0.35 አይደለም። ልዩነቱ የመጣው ሁለቱ ቡድኖች ከመነሻቸው ተመሳሳይ ስላልነበሩና ስሌቱ ያንን ለማረም ስለሚሞክር ነው፤ የክትትል ጊዜያቸው እኩል አለመሆኑም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። በ0.35 ሲሰላ የመድኃኒቱ ቡድን በ12ኛው ወር 82% አካባቢ ይሆናል፣ ክፍተቱም ከ30 ወደ 26 ነጥብ ይጠባል። በተሣለው ግራፍ ላይ በዓይን የሚታየው ክፍተት ግን ብዙ ጊዜ ያልታረመው ነው። ስለዚህ ግራፉንና በጽሑፉ ውስጥ ያለውን የታረመ ቁጥር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም።

የ0.35 እርግጠኝነትም ወሰን አለው። ጥናቱ የሰጠው ክልል ከ0.19 እስከ 0.63 ነው። ወደ ግራፍ ሲመለስ የመድኃኒቱ መስመር በ12ኛው ወር ከ69% እስከ 90% ባለው መካከል በየትኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ክልሉ 1ን አይነካም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ሞትን መቀነሱ አያጠራጥርም። ምን ያህል እንደቀነሰ ግን ከአንድ ሆስፒታል ብቻ በትክክል አይታወቅም።

ከቁጥሩ ይልቅ የክፍተቱ ቅርጽ የሚናገረው ነገር አለ። በአርባ ምንጭ መድኃኒት ከጀመሩት መካከል አብዛኞቹ ሞቶች የደረሱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። እንዲህ ያለ መስመር መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ ይደላደላል። መድኃኒት ያልወሰዱት መስመር ግን መውረዱን ስለሚቀጥል ሁለቱ እየተራራቁ የሚሄዱት በኋላ ነው። ምክንያቱ ለሐኪሞች የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን ሰዎች ሕክምና የሚጀምሩት በሽታው ከጸና በኋላ ነበር፣ መድኃኒቱም የሰውነትን የመከላከል አቅም ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሃዛርድ ሬሾ ለጠቅላላው ጊዜ መስጠት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራትና የቀሩትን አማክሎ ማቅረብ ነው። መድኃኒቱን ገና ለሚጀምር ሰው 0.35 ብዙ አይነግረውም፤ ሦስቱን ወራት ላለፈ ሰው ደግሞ የተሻለ ነገር ደብቆበታል። ሁለት መስመሮች በሚገናኙበት ወይም በሚጠላለፉበት ግራፍ ላይ ይህ ችግር ይብሳል፤ እዚያ ላይ ነጠላ ሬሾ ጨርሶ ትርጉም ሊያጣ ይችላል።

ጥናቱ በዕጣ የተመደቡ ቡድኖችን አላነጻጸረም፤ ነፍስ አድን መድኃኒትን ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መከልከል ስለማይቻል ሊያደርገውም አይችልም ነበር። በዚህ ዓይነት የፊትና የኋላ ንጽጽር ክፍተቱ ውስጥ ከመድኃኒቱ ሌላ የተለወጠ ነገር ሁሉ ሊገባ ይችላል፦ የላብራቶሪው መሻሻል፣ የባለሙያዎቹ ልምድ፣ ወይም መድኃኒቱ እስኪመጣ በሕይወት መቆየት የቻሉት ሰዎች ከመጀመሪያውም ጠንካሮች መሆናቸው።

## የጠፉት ሰዎች ክፍተቱን እንዴት ይለውጡታል

ጭረትና ክፍተት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ከጠፉ ሁለቱም መስመሮች ከእውነታው ከፍ ብለው ይሣላሉ፣ ክፍተቱ ግን ብዙ ላይዛባ ይችላል። አንዱ ቡድን ከሌላው በላይ ከጠፋ ግን ክፍተቱ ራሱ አይታመንም።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቀጠሮው ክኒን ለመቀበል ይመጣል። ካልመጣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ስልክ ይደውላል፣ ወይም በቤተሰብ በኩል ይጠይቃል፤ ሞቶ ከሆነ ይሰማል። መድኃኒት የሌለው ሰው ግን ለመመለስ የሚያበቃ ምክንያት የለውም። ታሞ ቤቱ ሲቀር ወይም ወደ ትውልድ መንደሩ ሲወሰድ በመዝገቡ ላይ የሚተርፈው ጭረት ብቻ ነው። እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ ያለ መድኃኒት ያለው መስመር ያለ አግባብ ከፍ ይላል፣ መድኃኒቱም ከሚገባው ያነሰ ጠቃሚ መስሎ ይታያል። ተቃራኒውም ይደርሳል። ሁለት መድኃኒቶች ሲነጻጸሩ አንደኛው ክፉ የጎንዮሽ ችግር ካለውና ሰዎች በዚያ ምክንያት ከጠፉ፣ የባሰው መድኃኒት የተሻለ መስሎ ይወጣል።

የጠፉት ሰዎች ዕጣ በአማካይ ምን እንደነበር የሚታወቀው ተፈልገው ሲገኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የማርቲን ብሪንክሆፍና የባልደረቦቹ ጥናት፣ አቅም ባነሳቸው አገሮች ከፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና የጠፉ ሰዎችን ተከታትለው የፈለጉ ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። ዕጣቸው ከታወቀው መካከል 40% ያህሉ ሞተው ተገኝተዋል። ይህ በክትትል ላይ ከቀሩት ጋር እኩል ነው የሚለውን ግምት ያፈርሳል።

ስለዚህ በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ ግራፉ ከመነበቡ በፊት በጽሑፉ ውስጥ ሦስት ቁጥሮች ይፈለጋሉ። ስንት ሰው ሞተ፣ ስንት ሰው ተዛወረ፣ ስንት ሰው ጠፋ። የጠፉት ከሞቱት በቁጥር ከበለጡ በግራፉ ላይ ያለው የሞት መጠን በአብዛኛው የተመሠረተው ማንም ባላያቸው ሰዎች ላይ ነው። የተዛወሩትና የጠፉት በአንድ ተደምረው «ሴንሰር የሆኑ» ተብለው ብቻ ከተጻፉ ደግሞ አንባቢው የሚለይበት መንገድ የለውም። ጥንቃቄ ያደረጉ ተመራማሪዎች ስሌቱን ሁለት ጊዜ ይሠሩታል። በመጀመሪያ እንደተለመደው፣ ቀጥሎ የጠፉት ሁሉ በጠፉበት ቀን እንደሞቱ ተቆጥረው። እውነተኛው መስመር ብዙውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ይሆናል፤ ሁለቱ መስመሮች ተቀራርበው ከተገኙ ጭረቶቹ ውጤቱን አልጎዱትም። በቡሹሎው ምሳሌ በስድስተኛው ወር የጠፋው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች 51% እና 43% ናቸው፣ ጥናቱም ሊል የሚችለው ከዚህ በላይ አይሄድም።